ነጻ ዋይፋይና ኮድ የሚጠይቀው ገጽ

ከቻናል ወደ ቻናል ሲዘዋወር የኖረ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ነጻ ዋይፋይ አትክፈቱ፤ ሌቦች ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያያሉ» ይላል። ማስጠንቀቂያው በቅን ልቦና የተጻፈ ነው፤ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ጥቅሉ ያለቀበት መንገደኛ አይሰማውም። ሁለተኛ፣ የሚያስፈራራበት ነገር በአብዛኛው ያለፈ ዘመን አደጋ ነው። ዛሬ ሰው የሚዘረፍበትን መንገድ ግን በስሙ አይጠራም።

ነገሩን ከላምበረት መናኸሪያ መጀመር ይቻላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከኮተቤ፣ ከየካ አባዶ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚሄደውን አውቶብስ ይጠብቃል። የእንጦጦ ብርድ ወደ ታች ወርዷል፤ አውቶብሱ አልሞላም። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ዋይፋይ ቢከፍት የስሞች ዝርዝር ይመጣለታል። አብዛኞቹ ጎናቸው የቁልፍ ምልክት አለ፤ የሆቴል፣ የካፌ፣ የሌላ መንገደኛ ሆትስፖት ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቁልፍ የለውም እንበል። ስሙም ነጻ መሆኑን የሚናገር ነው። ይግባ ወይስ ይቅር?

«ይቅር» የሚለው መልስ ከየት እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 «ፋየርሺፕ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ወጣ። ማንም ሰው ላፕቶፑ ላይ ጭኖ ካፌ ውስጥ ቢቀመጥ፣ በዚያው ክፍት ዋይፋይ ፌስቡክ የከፈተውን ሰው አካውንት በአንድ ጠቅታ መግባት ይችል ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክፍት ዋይፋይ የሚያስተላልፈው መረጃ በአየር ላይ ሳይመሰጠር ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ድረ ገጾቹ ራሳቸው ከመግቢያው ገጽ በስተቀር የቀረውን በግልጽ ይልኩ ነበር። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ዓላማም ይህንን ማሳየት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድረ ገጾች በሞላ ጎደል ወደ https ተሻግረዋል። ይህ ማለት መልእክቱ ስልኩ ውስጥ እንዳለ ታሽጎ ይወጣና የሚከፈተው ድረ ገጹ ዘንድ ሲደርስ ነው። መሃል ላይ ያለው ዋይፋይ ፖስታውን ያስተላልፋል እንጂ ደብዳቤውን አያነብም። ቴሌግራምና የባንክ መተግበሪያዎችም የየራሳቸውን መረጃ አሽገው ነው የሚልኩት። የአሜሪካ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን፣ ለዓመታት ሲሰጥ የነበረውን ምክር እ.ኤ.አ. በ2023 ያለዘበው በዚህ ምክንያት ነው። ምስጠራ ስለተስፋፋ በሕዝብ ዋይፋይ መገናኘት አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም ብሏል። የዋይፋዩ ባለቤት ዛሬም ማየት የሚችለው ሰውየው የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ነው። ይህም ለአንዳንድ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የይለፍ ቃሉን ግን በዚህ መንገድ አያገኘውም።

እንግዲያው ሌባው ምን ያደርጋል? ደብዳቤውን መክፈት ካቃተው፣ ባለቤቱ ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ይጠይቃል። ጥያቄውን የሚያቀርበውም ዋይፋዩ ሲገናኝ በራሱ ብቅ በሚለው ገጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የዋይፋይ ስም የማንም ንብረት አይደለም። ራውተር ወይም ተራ ስልክ ያለው ሰው ሆትስፖቱን የፈለገውን ስም ሊሰጠው ይችላል፤ የኤርፖርቱን፣ የመናኸሪያውን፣ የቴሌን። ስሙን የሚመዘግብ፣ የሚያረጋግጥም የለም። በቁልፍ የተዘጋ ዋይፋይ ከሆነ ቢያንስ የይለፍ ቃሉን ማወቅ ይጠይቃል። ክፍት ሲሆን ግን እውነተኛውና አስመሳዩ ስልክ ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ፤ አንድ ስም ካላቸውም ስልኩ ብዙውን ጊዜ ጠንከር ያለ ሲግናል ያለውን ይመርጣል። አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቦርሳ ውስጥ ያለ መሣሪያ ደግሞ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ይልቅ ሲግናሉ ይጠነክራል።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 አውስትራሊያ ውስጥ በአንድ የአገር ውስጥ በረራ ላይ የአየር መንገዱ ሠራተኞች የማያውቁት ዋይፋይ አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳለ አስተዋሉ። የፌዴራል ፖሊስ ፐርዝ ኤርፖርት ላይ የአንድን መንገደኛ የእጅ ሻንጣ ፈትሾ ተንቀሳቃሽ የዋይፋይ መሣሪያ፣ ላፕቶፕና ስልክ አገኘ። ሰውየው በፐርዝ፣ በሜልቦርንና በአደሌድ ኤርፖርቶች እውነተኛውን የሚመስል ዋይፋይ ሲከፍት ቆይቷል። የተገናኘ ሰው አንድ ገጽ ይመጣለታል፤ ገጹም በኢሜይሉ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቱ እንዲገባ ይጠይቀዋል። የጻፈው ሁሉ መሣሪያው ላይ ይቀመጣል። ኋላ ላይ በእነዚህ የይለፍ ቃሎች የሰዎች፣ በተለይ የሴቶች፣ አካውንት ውስጥ ገብቶ የግል ፎቶና ቪዲዮ ሰርቋል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ፍርድ ቤት ሰባት ዓመት ከአራት ወር ፈርዶበታል። ልብ መባል ያለበት፣ ይህ ሁሉ ሲሆን የማንም ምስጠራ አልተሰበረም። ሰዎቹ የይለፍ ቃላቸውን በራሳቸው ጣት ጻፉለት።

ይህንኑ ዘዴ ወደ ላምበረት እናምጣው። እዚህ ብዙ ሰው በኢሜይሉ አይገባም፤ የይለፍ ቃሉንም አያስታውሰውም። የኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስልክ ቁጥሩ ነው። ቴሌግራሙም፣ ቴሌብሩም፣ የባንክ መተግበሪያውም በስልክ ቁጥርና በሚላክ ኮድ ይከፈታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚያጠምድ ሰው የሚሠራው ገጽ ከፐርዙ ይለያል። «ነጻ ኢንተርኔት ለማግኘት ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» ይላል። ያ ብርድ የመታው መንገደኛ ያስገባል። ቁጥሩ ሌባው ዘንድ ሲደርስ፣ ሌባው በራሱ ስልክ ቴሌግራም ከፍቶ በዚያ ቁጥር ልግባ ይላል። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ደንቡ ለባለቤቱ ኮድ ይልካል፤ ወይ ቴሌግራሙ ውስጥ ወይ በአጭር መልእክት። በዚህ ቅጽበት ገጹ ይለወጥና «የላክንልዎትን ኮድ ያስገቡ» ይላል። ኮዱ በእርግጥም መጥቷል፤ መንገደኛው ሲጠብቀው የነበረ ነገር ነው። ይጽፈዋል። ኢንተርኔቱም ይሠራለታል፤ አንዳች ነገር መጠርጠሪያ የለውም። አውቶብሱ ሳሪስ ወይም ሌላ ቦታ ሳይሆን ገና ከላምበረት ሳይወጣ፣ በውጭ ያለችው እህቱ «አስቸኳይ ነገር ገጥሞኛል፣ በዚህ ቁጥር ትንሽ ብር ላኪልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት በእሱ ስም ይደርሳታል። እንዲህ ያለውን መልእክት ያልተቀበለ የቴሌግራም ተጠቃሚ ዛሬ ጥቂት ነው።

ችግሩ የሚብሰው እውነተኛ የሕዝብ ዋይፋይም ይህንኑ ስለሚያደርግ ነው። በብዙ አገር ኤርፖርቶችና ሆቴሎች ስልክ ቁጥር ጠይቀው በአጭር መልእክት ኮድ ይልካሉ። ስለዚህ «ቁጥር ከጠየቀ ሌባ ነው» ማለት አይቻልም። መለያው ኮዱ የመጣበት መልእክት ውስጥ ነው። ቁጥሩን ብቻ ቀድቶ መልእክቱን አለማንበብ የሁላችንም ልማድ ሆኗል፤ አደጋው ያለውም እዚያው ነው። እውነተኛ የዋይፋይ ኮድ ሲመጣ መልእክቱ ስለ ዋይፋይ ይናገራል። መልእክቱ ላይ ቴሌግራም፣ ቴሌብር ወይም የባንክ ስም ካለ፣ ወይም የመጣው ቴሌግራም ውስጥ «Telegram» ከሚለው አካውንት ከሆነ፣ ያ ኮድ የዋይፋዩ አይደለም። ቴሌግራም ራሱ ኮዱን ለማንም እንዳትሰጡ የሚል ማሳሰቢያ እዚያው አብሮ ይልካል። የሚስጥር ቁጥር ወይም የኢሜይል የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የዋይፋይ ገጽ ደግሞ ኮድ እስኪልክ መጠበቅም አያስፈልገውም፤ ኢንተርኔት ለመስጠት ፒን የሚያስፈልገው ተቋም የለም። «መጀመሪያ ይህን መተግበሪያ ጫኑ» ብሎ ፋይል የሚያወርድም እንዲሁ ነው። በተለይ እኛ ዘንድ ከፕሌይስቶር ውጭ በፋይል የመጣ መተግበሪያ መጫን የተለመደ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ከሌላው አገር ይልቅ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ለመግባት የወሰነ ሰው ታዲያ በገባበት ጊዜ ምን ያድርግ? ዜና ማንበብ፣ ካርታ ማውረድ፣ ቪዲዮ ማየት፣ ቀድሞ በተከፈተ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ መደወልና መጻፍ ችግር የለውም። መቅረት ያለበት አዲስ መግባት ነው። የይለፍ ቃል የሚጻፍበት፣ ኮድ የሚመጣበት፣ አዲስ አካውንት የሚከፈትበት ነገር ሁሉ ቤት እስኪደርስ ወይም የራስ ሞባይል ዳታ እስኪገኝ ይቆይ። ምክንያቱም በዚያ ዋይፋይ ላይ ከሚከፈቱት ገጾች የትኛው እውነተኛ እንደሆነ መለየት የሚያስቸግረው በዚያ ሰዓት ነው። ብርድ፣ እንቅልፍ፣ የሻንጣ ሐሳብ፣ የረዳት ጥሪ አለ።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ጥቅል ያለቀበት ሰው «ትኬት ለመክፈል ዋይፋይ ያስፈልገኛል» ብሎ ያስባል። አያስፈልገውም። ቴሌብር በ

```
*127#
```

ይሠራል፤ የንግድ ባንክም በ

```
*889#
```

ይሠራል። እነዚህ ቁጥሮች በኢንተርኔት አያልፉም፤ በስልኩ ሲም በኩል በቀጥታ ከቴሌኮሙ ጋር ነው የሚነጋገሩት። የዳታ ጥቅል አይጠይቁም። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ቢሆን እንኳ ዋይፋዩን የከፈተው ሰው ይህን ንግግር በራውተሩ ውስጥ አያገኘውም። የስማርት ስልክ ባለቤቶች እንደ ድሮ ነገር የናቁት ይህ መንገድ መናኸሪያ ላይ ከመተግበሪያው ይልቅ የሚመች ነው። ከጀርባ ቆሞ የሚስጥር ቁጥር የሚያይ ሰው ግን በሁለቱም መንገድ አይቀርም፤ ከእሱ የሚያድነው መዳፍ ነው።

የባንክ መተግበሪያውን በዋይፋይ የከፈተ ሰውስ ተዘረፈ ማለት ነው? አይደለም። መተግበሪያ ከባንኩ ጋር መገናኘቱን ራሱ ያረጋግጣል፤ መሃል የገባ ካለ አልገናኝም ማለት አለበት። የሚያሳስበው ብራውዘር ነው፤ ምክንያቱም ብራውዘር ውሳኔውን ለሰውየው ይተውለታል። ቀይ ምልክት አሳይቶ «Your connection is not private» ይላል፣ ከሥሩም `NET::ERR_CERT_AUTHORITY_INVALID` የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ ሲመጣ አንዳንዴ ክፋት የለበትም። የዋይፋዩ መግቢያ ገጽ ገና ስላልተሞላ፣ ዋይፋዩ የተጠየቀውን ድረ ገጽ ወደ ራሱ ለመመለስ ሲሞክር ብራውዘሩ ይቃወማል። ባትሪው አልቆ የተነሣ ስልክ ቀኑ ሲዛባም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ ያኔ ግን ጽሑፉ `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` ነው፤ ቀኑን ማስተካከል ይበቃል። የመጀመሪያው ሲመጣ «ቀጥል» የሚለውን ከመጫን ይልቅ ያንን ገጽ ዘግቶ `neverssl.com` ብሎ መጻፍ ይሻላል። ይህ ድረ ገጽ ሆን ተብሎ ያለ ምስጠራ የተሠራ ስለሆነ የዋይፋዩን መግቢያ ገጽ ያለ ጭቅጭቅ ያመጣዋል። ከተገቡ በኋላም ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ዋይፋዩን መልቀቅ ነው።

ቪፒኤን የሚመክሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የማኅበራዊ ሚዲያ ገደብ ወራት ብዙ ስልክ ላይ ነጻ ቪፒኤን ገብቶ ቀርቷል። ቪፒኤን ከዋይፋዩ ባለቤት ይሸፍናል፤ ግን የሚታየውን ነገር ለቪፒኤኑ ባለቤት ያስረክባል። ሐሰተኛ ገጽ ላይ ኮድ ከመጻፍ ደግሞ ማንንም አያድንም።

ሌላው የተረሳ ነገር ከወጡ በኋላ ያለው ነው። ስልክ አንድ ጊዜ የገባበትን ክፍት ዋይፋይ ያስታውሳል። ባለፈው ወር ቦሌ ኤርፖርት ላይ እንግዳ ሲቀበል በነጻው ዋይፋይ የገባ ሰው፣ ዛሬ መገናኛ ላይ ታክሲ ሲጠብቅ በዚያው ስም ሌላ ሰው ሆትስፖት ቢከፍት፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ሳያማክረው ሊገናኝ ይችላል። ስልኩ የሚያውቀው ስሙንና ክፍት መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲወጡ በዋይፋይ ዝርዝሩ ላይ ስሙን ነክቶ Forget ማለት፣ ወይም Auto-connect (አይፎን ላይ Auto-Join) የሚለውን ማጥፋት ያስፈልጋል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ተጠቃሚው ላይ ብቻ ሸክም መጫን ግን ፍትሐዊ አይደለም። ነጻ ዋይፋይ የሚያቀርብ ተቋም ትክክለኛውን ስም ትኬት መቁረጫው ላይ በትልቁ ጽፎ ቢለጥፍ፣ መንገደኛው ስልኩ ላይ ያየውን የሚያመሳክርበት ነገር ያገኛል። ስሙን ከስልክ ዝርዝር ላይ ከመገመት ለሠራተኛ ጠይቆ መግባትም ያኔ ትርጉም ይኖረዋል። የመግቢያ ገጹም ከሚያስፈልገው በላይ ስም፣ ኢሜይልና የትውልድ ቀን ባይጠይቅ ጥሩ ነው፤ ሕዝቡን ለማያውቀው ገጽ መረጃ መስጠት የሚያለማምደው እንዲህ ያለው ቅጽ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያለፈቃድ የሰው አካውንት መግባት ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ቢሆንም ሕጉ ላምበረት ላይ ቦርሳው ውስጥ ራውተር ያስቀመጠን ሰው እስኪደርስበት አውቶብሱ ደሴ ገብቷል።

ኮዱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ የነቃ ሰውስ? ለቴሌግራም ያለው ጊዜ ከሚያስበው ይረዝማል። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሩን ስልክ ማስወጣት አይችልም፤ ነባሩ ግን አዲሱን ማስወጣት ይችላል። ስለዚህ ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ ከጎን ካለ መንገደኛ ሆትስፖትም ቢሆን ለምኖ፣ Settings ውስጥ Devices የሚለውን መክፈትና Terminate All Other Sessions የሚለውን መጫን ነው። ቀጥሎ Privacy and Security ውስጥ Two-Step Verification ላይ የይለፍ ቃል ማድረግ፤ ይህ ካለ ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ብቻውን አያስገባውም። ያስገባው የቴሌብር ወይም የባንክ ኮድና ፒን ከሆነ ግን 24 ሰዓት የለውም፤ ዋይፋዩን ከማጥፋቱም በፊት መደወል ያለበት ለቴሌብር ወይም ለባንኩ ነው።